የማያውቀንን ትልቅ ሰው ቀጠሮ ስንጠይቅ

ትሕትና ብቻውን ለምን አይበቃም?

ተማሪዎቼ ለማያውቋቸው ከፍተኛ ባለሙያ የሚጽፉት መልእክት አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለ ነው፦ «ጤና ይስጥልኝ ዶክተር፣ እንደምን ሰነበቱ? በጨዋማ አፈር ላይ የመመረቂያ ጥናት እየሠራሁ ስለሆነ፣ በሚመችዎ ጊዜ በአካል አግኝቼዎት ልምድዎን እንዲያካፍሉኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።»

አክብሮቱ እንከን የለውም። ነገር ግን ተቀባዩ እሺ ከማለታቸው በፊት ብዙ ማሰብ ይጠበቅባቸዋል። ስለ የትኛው ልምድ ነው የሚያወሩት? ስንት ሰዓት ይፈጃል? ምን ይዘጋጁ? «በሚመችዎ ጊዜ» የሚለው ጨዋ አነጋገር ራሱ ቀን የመፈለጉን ሥራ በእሳቸው ላይ ይጥላል። ሰውዬው ክፉ አይደሉም። «በኋላ እመልስለታለሁ» ብለው ያስቀምጡታል፤ ከዚያ በላዩ ሌላ ሃምሳ መልእክት ይመጣበታል። ተማሪው እንደተናቀ ይቆጥረዋል። እሳቸው ግን እንቢ አላሉም፤ ለመወሰን አልተመቻቸውም።

አንድ ጥያቄ እንዴት እንደሚያንስ

ጉዳዩን በአንድ ምሳሌ እንየው። ተማሪዋ የሰመራ ዩኒቨርሲቲ ተመራቂ ናት እንበል። የምታጠናው በመካከለኛው አዋሽ፣ አሚባራ ያለውን የመስኖ እርሻ ነው። እዚያ የከርሰ ምድር ውሃው ወደ ላይ እየቀረበ ጨው በማሳው ላይ ይተዋል። በጥጥና በጨዋማ አፈር ላይ ለዓመታት የሠሩ ተመራማሪዎች ያሉት በወረር የግብርና ምርምር ማዕከል ነው። ከእነዚህ አንዱን ማግኘት ትፈልጋለች፤ አያውቋትም።

መጀመሪያ ማድረግ ያለባት መልእክት መጻፍ ሳይሆን ጥያቄዋን መምረጥ ነው። «ስለ ጨዋማነት ያብራሩልኝ» የአንድ ሴሚስተር ትምህርት ነው። ጨው ግን ከውሃ ጋር ይጓዛል፤ ማሳው ሲጠጣ ወደ ታች ይወርዳል፣ ሲደርቅ ተመልሶ ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ናሙናው የሚወሰድበት ቀን ውጤቱን ይለውጠዋል። እሷን በእውነት የቸገራት ይህ ነው፤ ለዓመታት ማሳው ላይ የዋለ ሰው ደግሞ በቀላሉ ይመልሰዋል። እንግዲህ እንዲህ ትጽፋለች፦

«ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የሰመራ ዩኒቨርሲቲ ተመራቂ ተማሪ ነኝ፤ የአሚባራን ጨዋማ ማሳ አጠናለሁ። አንድ ጥያቄ አለኝ፦ የአፈር ናሙና መውሰድ ያለብኝ ማሳው ውሃ ከመጠጣቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ማክሰኞና ረቡዕ ጠዋት ለናሙና ሥራ ወረር ነኝ። የማሳውን ንድፍ ይዤ ቢሮዎ ልምጣ፤ 10 ደቂቃ ይበቃኛል። ‹ማክሰኞ› ወይም ‹ረቡዕ› ብለው ቢልኩልኝ እደርሳለሁ። ጊዜ ከሌለዎት በጽሑፍ አንድ መስመርም ትጠቅመኛለች።»

ይህን ያነበቡት ሰው በአንድ ቃል መመለስ ይችላሉ። ማንንም ማማከር፣ ፋይል ማስወጣት፣ የማንንም ፈቃድ መጠየቅ አይኖርባቸውም። ንድፉ ደግሞ በአካል መገናኘት ለምን እንዳስፈለገ ሳይናገር ያስረዳል። በስልክ አጭር መልእክት የምትልኩ ከሆነ የአማርኛ ጽሑፍ በ70 ፊደል አንድ ክፍል እንደሚሞላ አስታውሱ። የማንነታችሁና የጉዳያችሁ ፍሬ ነገር በመጀመሪያው መስመር ላይ ይግባ።

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር

«አንድ መስመርም ትጠቅመኛለች» የምትለዋን ለጨዋነት ብቻ የገባች አድርጋችሁ እንዳትሰርዟት። ቻልዲኒና ሽሮደር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተሙት ጥናት፣ በአሜሪካ ቤት ለቤት እየዞሩ ለካንሰር ማኅበር እርዳታ የሚጠይቁ ሰዎች «አንዲት ሳንቲም እንኳ ትረዳለች» የሚል ሲጨምሩ፣ የሚሰጠው ሰው ቁጥር ከመቶ 29 ገደማ ወደ 50 ከፍ ብሎ ነበር። የሚገርመው ሰዎቹ የሰጡት ሳንቲም አልነበረም፤ እንደሌላው ጊዜ ያህል ሰጡ። ትንሹ እንደሚበቃ ሲነገረን «አቅም የለኝም» የምንልበት በር ይዘጋል። እርግጥ ያ ጥናት ስለ ገንዘብ እንጂ ስለ ቀጠሮ አይደለም። ቢሆንም የጽሑፍ መልሷ ብቻ ብትመጣም ተማሪዋ ናሙናዋን በትክክለኛው ቀን ትወስዳለች፤ አልከሰረችም።

ሳይታወቅ የሚከብድ ጥያቄ

የጥያቄ ትንሽነት በደቂቃ ብቻ አይለካም። «ከሰመራ እርስዎን ብዬ መጣሁ» ብትል ኖሮ 10 ደቂቃው ከባድ ይሆን ነበር። ግማሽ ቀን መንገድ የመጣን እንግዳ በ10 ደቂቃ ማሰናበት በእኛ ባህል ነውር ነው፤ ምሳ መጋበዝ፣ ማሳ ማስጎብኘት፣ ማደሪያውን መጠየቅ ይከተላል። ለዚህ ነው ለሌላ ሥራ ወረር እንደምትገኝ የገለጸችው። ይህ ግን እውነት መሆን አለበት።

አዋሽ ከተማ ላይ ላለ ተማሪ ግን ፈተናው ሌላ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ሰመራ የሚወርድ ኃላፊ መንገዱ በከተማዋ ያልፋል፤ ስለዚህ «ሲያልፉ አምስት ደቂቃ ብቻ» ማለት ያጓጓል። እኔ አልመክረውም። መኪናው ውስጥ ሾፌርና ባልደረቦች አሉ፤ ሙቀቱ ሳይበረታ ለመድረስ ይቸኩላሉ። የእናንተ አምስት ደቂቃ አራት ሰው ያስቆማል። እዚያው ለምሳ እንደሚወርዱ ካወቃችሁና አስቀድመው ከፈቀዱ ግን ሌላ ነገር ነው።

ሰዓት ስትመርጡም እንዲሁ አስቡ። ዓርብ ከ5:30 እስከ 7:30 የጁምዓ ሰዓት ነው፤ በረመዳን የከሰዓት ቀጠሮ ጾመኛን ያደክማል። በቆላው ሙቀት ጠዋት ይሻላል።

የማን ስም ይጠራ?

አፋሮች ዳጉ በሚሉት ሥርዓት ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ቆመው ወሬ ይለዋወጣሉ፤ ወሬውን ያመጣው ሰው ከየት እንደመጣ፣ ምን እንዳየ፣ ከማን እንደሰማ ይጠየቃል። የተሳሳተ ወሬ የሚያመጣ ይነቀፋል። እናንተም «እገሌ ልኮኝ ነው» ብላችሁ ከጻፋችሁ እገሌ መጠየቁ አይቀርም። ሳታስፈቅዱ የማንንም ስም አትጥሩ።

ደብዳቤ ሲያስፈልግ

መረጃ ወይም ሰነድ ከፈለጋችሁ የትብብር ደብዳቤ ግድ ነው። ደብዳቤው መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ያገኛል፤ ኃላፊው ያዩትና ጠርዙ ላይ ጽፈው ለሚመለከተው ባለሙያ ይመሩታል። ስለዚህ የአንድን ሰው ሐሳብ መስማት ብቻ ለፈለገ ደብዳቤ ጥያቄውን ያገዝፈዋል። የግል ምክር ጥያቄ የቢሮ ጉዳይ ይሆናል፤ ሰውዬውም «ተመርቶልኛል ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ። ሁለቱን አትቀላቅሉ። ጸሐፊዋን ግን አትለፏት፤ «ማክሰኞ ጠዋት ስብሰባ አላቸው?» ብሎ መጠየቅ ከባዶ ቀጠሮ ያድናል።

መልስ ካልመጣ፣ ከመጣም

አንድ ሳምንት ጠብቁና አንድ ጊዜ ብቻ አስታውሱ፤ ያኔ ጥያቄው ከበፊቱም ይነስ፦ «ከባልደረቦችዎ ማንን ልጠይቅ?» በቂ ነው። ከዚያ በኋላ ዝምታውን እንደ መልስ ቁጠሩት።

እሺ ከተባላችሁ 10ኛው ደቂቃ ላይ ራሳችሁ ተነሡ። እሳቸው «ቁጭ በሉ እንጂ» ካሉ ሌላ ነው፤ ሳይሉ የተቀመጠ ግን ቀጣዩ ተማሪ ለሚጠይቀው 10 ደቂቃ እምነት ያሳጣል። ናሙናው ተሠርቶ ውጤቱ ሲወጣ በሁለት መስመር ላኩላቸው። ለመላክ ያዘጋጃችሁት መልእክት ካለ ደግሞ አሁን አውጡትና ተቀባዩ በአንድ ቃል ሊመልሱት ይችሉ እንደሆነ ፈትሹ፤ ካልቻሉ አትላኩት፣ መልሳችሁ ጻፉት።