የማዳበሪያ ማድረሻ ጊዜ፦ የራቀ አኃዝ ሲገኝ ምን ይደረጋል?

ማዳበሪያ ከወልድያ መጋዘን በሀብሩ ወረዳ መርሳ ወደሚገኝ የኅብረት ሥራ ማኅበር ሲጓጓዝ መነሻና መድረሻ ሰዓቱ ይመዘገባል። ለምሳሌ የ13 ጉዞዎች ጊዜ በደቂቃ ከትንሹ ወደ ትልቁ ሲደረደር እንዲህ ነው እንበል፦

5፣ 55፣ 60፣ 60፣ 65፣ 65፣ 70፣ 75፣ 75፣ 80፣ 80፣ 190፣ 430

መካከለኛው 70 ነው። ከበታቹ ያሉት የስድስቱ መካከለኛ 60፣ ከበላዩ ያሉት ደግሞ 80 ነው። ልዩነታቸው 20 በ1.5 ሲባዛ 30 ይሆናል። ስለዚህ ከ60 ላይ 30 ተቀንሶ፣ በ80 ላይ 30 ተጨምሮ፣ ከ30 ያነሰ ወይም ከ110 የበለጠ አኃዝ ሁሉ ይመረመራል። ስሌቱ ግን ይጠቁማል እንጂ አይፈርድም።

የሚታረም፦ 430 የመጣው መነሻው 2፡00፣ መድረሻው 9፡10 ተብሎ በመጻፉ ነው። ጫኙ በአገራችን ሰዓት፣ ተረካቢው በስልኩ ላይ ባየው በፈረንጆች ሰዓት ጽፈዋል። የ6 ሰዓቱ ልዩነት፣ ማለትም 360 ደቂቃ፣ ሲቀነስ 70 ይቀራል። ተረካቢው ካረጋገጠ ይታረማል።

የሚቀመጥ፦ በ190ው ጉዞ ጎማ መፈንዳቱን የሾፌሩ መዝገብ ያሳያል። መዘግየቱ እውነተኛ ስለሆነ አይነካም። ቢወጣ ጭነቱን የሚጠብቁት ገበሬዎች ያለ አግባብ በማለዳ ይጠራሉ።

የሚወጣ፦ 30 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በ5 ደቂቃ አይሄድም። ትክክለኛው መነሻ ሰዓት ከሌላ መዝገብ ካልተገኘ ከስሌቱ ይውጣ። ከመዝገቡ ግን አይፋቅ፤ ምክንያቱ በጎኑ ተጽፎ ይፈረምበት።

ከዚህ በኋላ አማካዩ ከ101 ወደ 79 ደቂቃ ይወርዳል፤ መካከለኛው ግን 70 እንደሆነ ይቆያል። የተለመደውን ጊዜ ለማወቅ በመካከለኛው መጠቀም የሚሻለው ስለዚህ ነው።