በኢንተርኔት ሱቅ የተጻፈ ዋጋ እንዴት ይመረመራል

በቦንጋ ገበያ ማር የሚገዛ ሰው ዋጋውን ብቻ ሰምቶ ገንዘቡን አያወጣም። ቀለሙን ያያል፤ ይቀምሳል፤ ሻጩም ከየት እንደ መጣ ይጠይቃል። የአንዱ ሻጭ ማር ከሌሎቹ በግማሽ ቢረክስ፥ ገዥው ከመደሰቱ አስቀድሞ ስኳር የተቀላቀለበት እንዳይሆን ይጠራጠራል። በኢንተርኔት በሚሸጥ ዕቃ ግን መቅመስና መዳሰስ የለም፤ ገዥው የሚያየው ሥዕልና ዋጋ ብቻ ነው። ስለዚህ በመቅመስ ፈንታ ሦስት ምስክሮችን መጠየቅ ይገባል። እነርሱም የዋጋው ልክ፥ የሻጩ ታሪክና የቀድሞ ገዥዎች ቃል ናቸው።

በአገራችን ብዙ ነጋዴዎች ዕቃቸውን የሚያሳዩት በቴሌግራም ቻናል ነው። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ከጀመረ ወዲህም ከገጠር ሆኖ ገንዘብ መላክ ቀላል ሆኗል። ይህ ቅለት እውነተኛውን ነጋዴ እንደሚጠቅመው ሁሉ አታላዩንም ይጠቅመዋል፤ የተላከው ገንዘብ ወዲያው ከተቀባዩ እጅ ይገባልና።

ለምሳሌ በከፋ ዞን በደካ የሚኖር አንድ ገበሬ ቡናውን ሸጦ በእጁ 13,000 ብር አለው እንበል። በዚህም ገንዘብ የእጅ ስልክ ሊገዛ አሰበ። በአንድ ቻናል ላይም አዲስ ስልክ በ11,500 ብር እንደሚሸጥ አነበበ። ከሥዕሉ በታች «የቀሩት 3 ብቻ ናቸው፤ ዛሬ ሙሉውን ዋጋ የላከ ነገ በመኪና ይደርሰዋል» ተብሎ ተጽፏል። ስምንተኛ ክፍል የምትማረው ልጁ ግን፥ «አባዬ፥ ገንዘቡን ከመላክዎ በፊት ዋጋውን እንመርምረው» አለችው።

1. የዋጋው ልክ

ልጅቱ በመጀመሪያ የስልኩን ሙሉ ስም፥ ምን ያኽል ፎቶግራፍና ጽሑፍ እንደሚይዝ፥ አዲስ ወይም ያገለገለ መሆኑን በወረቀት ጻፈች። ስሙ አንድ ሆኖ መያዣው የሚያንስ ስልክ ዋጋው ይለያልና። ከዚያ በኋላ ይህንኑ ስልክ የሚሸጡ ሦስት ሱቆችን በስልክ ጠየቀች። አንዱ 21,500፥ ሁለተኛው 22,000፥ ሦስተኛው 23,000 ብር አሉ። መካከለኛው ዋጋ 22,000 ብር ነው። የቻናሉ ዋጋ ከዚህ በ10,500 ብር ያንሳል፤ ይህም ወደ ግማሽ የሚጠጋ ነው።

የአንድ ዕቃ ዋጋ የመግዣውን፥ የጉምሩኩን፥ የማጓጓዣውንና የሱቅ ኪራዩን ወጪ ይይዛል፤ የነጋዴው ትርፍ ከዚህ ሁሉ በላይ የሚቀረው ጥቂቱ ነው። ነጋዴ ከትርፉ ቀንሶ ጥቂት መቶ ብር፥ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ የሚበልጥ ሊተው ይችላል። ግማሹን ዋጋ ግን ሊተው አይችልም፤ ወጪውን ራሱ ከኪሱ መክፈል ይሆንበታልና። ስለዚህ ገዥው «ግማሹ ከየት መጣ?» ብሎ ይጠይቅ። ስልኩ ያገለገለ ቢሆን፥ ወይም መያዣው አነስተኛ ቢሆን፥ ሻጩም ይህን በግልጥ ቢናገር፥ ርካሽነቱ ምክንያት አለው። ምክንያት ካልተገኘለት ግን ወይ ዕቃው አስመስለው የሠሩት ነው፥ ወይም ዕቃው ጨርሶ የለም።

በዚህ ነገር አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የሚነጻጸሩት ዋጋዎች የአንድ ሳምንት መሆን ይገባቸዋል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋ ከፍ ብሏልና፥ ከዚያ በፊት ተጽፎ የቀረ ዋጋ ያለ ተንኰል ርካሽ መስሎ ሊታይ ይችላል።

2. የሻጩ ታሪክ

ልጅቱ ቀጥላ የቻናሉን ጽሑፎች ወደ ላይ እየገፋች እስከ መጀመሪያው ደረሰች። ሻጩ «የ10 ዓመት ልምድ አለን» ቢልም፥ ቻናሉ ከተከፈተ ገና 5 ሳምንቱ ነው። ተከታዮቹ 40,000 ናቸው ተብሎ ተጽፏል፤ በየጽሑፉ ሥር ከዐይን ምልክት አጠገብ ያለው የተመልካች ቁጥር ግን ከ300 አያልፍም። የተከታይ ቁጥር በገንዘብ የሚገዛ ነገር ስለ ሆነ፥ ብዙ ተከታይና ጥቂት ተመልካች ሲገናኙ ያጠራጥራል። የቻናል ዕድሜም ብቻውን አያስተማምንም። አንዳንዱ ያረጀ ቻናል ገዝቶ ስሙን ይለውጣልና፥ የድሮዎቹ ጽሑፎች ስለ ሌላ ነገር የሚናገሩ መሆናቸውን መመልከት ያስፈልጋል።

ከዚህ በኋላ የንግድ ፈቃዱ ይጠየቃል። እውነተኛ ነጋዴ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩን ለመንገር አይፈራም፤ ፈቃዱም በንግድ ሚኒስቴር ገጽ በ etrade.gov.et ሊታይ ይችላል። ነገር ግን የሌላውን ሰው ፈቃድ ፎቶግራፍ አንሥቶ የሚያሳይ አለ። ስለዚህ በፈቃዱ ላይ ያለው ስምና ገንዘብ የሚላክበት ሒሳብ ስም አንድ መሆናቸው ይመርመር። በባንክ ሲላክ የተቀባዩ ስም ከማጽደቁ በፊት ይታያልና፥ ስሙ የተለየ ከሆነ ገዥው በዚያ ይቁም።

3. የቀድሞ ገዥዎች ቃል

በዚያ ቻናል አስተያየት መስጫው ተዘግቷል። በፈንታው ሻጩ ራሱ የለጠፋቸው «አመሰግናለሁ፥ ደርሶኛል» የሚሉ መልእክቶች ፎቶግራፍ አሉ። ይህ ምስክርነት አይባልም፤ ምስክሩን የመረጠው ባለጉዳዩ ነውና። አስተያየቱ ክፍት በሆነበትም ቦታ ቢሆን ባለቤቱ ክፉውን ሊሰርዝ ስለሚችል፥ ወቀሳ አለመኖሩ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

እውነተኛ ገዥ ሲናገር ዝርዝር ነገር ይናገራል፤ ዕቃው በስንት ቀን እንደ ደረሰ፥ ምን እንደ ጐደለው፥ ሻጩም ጉድለቱን እንዴት እንዳቃናው ይገልጣል። የሐሰት ምስጋና ግን በአንድ ቀን ብዙ ሆኖ ይመጣል፤ ቃሉም ይመሳሰላል፤ ስለ ዕቃውም አንዳች አይናገርም። ስለዚህ የሻጩን ስምና የስልክ ቁጥር ከቻናሉ ውጭ፥ በሌሎች ሰዎች ገጽ መፈለግ ይሻላል።

የመጨረሻው ፈተና

ልጅቱ በመጨረሻ፥ «አዲስ አበባ ያለው አጎቴ ሱቃችሁ መጥቶ ስልኩን አይቶ ይክፈላችሁ» ብላ ለሻጩ ጻፈች። እርሱም፥ «ሱቅ የለንም፤ ሌላ ገዥ እየጠበቀ ነው፤ ቶሎ ላኩ» ሲል መለሰ። ይህ መልስ ከሁሉ የበለጠ ምልክት ነው። ሐቀኛ ሻጭ ዕቃው ቢታይለት ይወዳል፤ ዕቃ የሌለው ግን ገዥው እንዳያስብ ያጣድፋል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደ ተባለ፥ በጥድፊያ የተፈጸመ ግዢ ጥድፊያው ሲያልፍ ይጸጽታል።

ገበሬውም ገንዘቡን አልላከም። 22,000 ብር ስላልነበረው፥ ቦንጋ ሄዶ አነስ ያለ ስልክ አብርቶ፥ ደውሎበት፥ ደረሰኝ ተቀብሎ በ12,400 ብር ገዛ።

ገንዘቡን አስቀድሞ የላከ ሰው ቢኖር፥ መልእክቶቹንና የክፍያውን ማስረጃ ሳያጠፋ በዚያው ሰዓት ለባንኩ ወይም ለቴሌብር፥ ቀጥሎም ለፖሊስ ያመልክት። ተቀባዩ ገንዘቡን ካወጣው በኋላ ማስመለስ አስቸጋሪ ነውና።

ጥያቄዎች

1. አንድ ዕቃ በሦስት ሱቆች 4,000፥ 4,200 እና 4,300 ብር ሲሸጥ በአንድ ቻናል 3,900 ብር ቢባል፥ ዋጋው ብቻውን ያጠራጥራልን? 2,000 ብር ቢባልስ? ምክንያቱን አስረዱ።

2. ሻጭ ራሱ የለጠፈው ምስጋና ስለ ምን ምስክር አይሆንም?

3. በንግድ ፈቃዱና በባንክ ሒሳቡ ላይ ያሉት ስሞች ቢለያዩ ገዥው ምን ማድረግ ይገባዋል?