የሚያምኑት ሰው ያስተላለፈው አባሪ፦ ምስጢር በኢሜይል ሲላክና ሲደርስ

በጀርመኗ የፍራንክፈርት ከተማ ሰሜን ምዕራብ ጫፍ የሚገኘው ኖርድቬስትሽታት በ1960ዎቹ የተገነባ የመኖሪያ ሰፈር ነው። በዚህ ሰፈር ቤት ለመከራየት የምትፈልግ አንዲት ኢትዮጵያዊት ነርስ አለች እንበል። በኢንተርኔት ላይ ባየችው ማስታወቂያ ለተጻፈው አድራሻ መልእክት ትልካለች። የሦስት ወር የደመወዝ ወረቀት፣ የፓስፖርትና የመኖሪያ ፈቃድ ቅጂ በኢሜይል እንድትልክ የሚጠይቅ መልስ ይደርሳታል። ወረቀቶቹን በስልኳ ፎቶ አንስታ፣ ከደብዳቤው ጋር አያይዛ ትልካለች። ሥራው ከአምስት ደቂቃ በላይ አይወስድም።

ከአምስት ደቂቃ በኋላ ግን የፓስፖርቷ ቅጂ አንድ ብቻ አይደለም። አንዱ በስልኳ የፎቶ ማኅደር፣ ሌላው በራሷ የ«ተልኳል» ሳጥን፣ ሌላው በተቀባዩ የደብዳቤ ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። ተቀባዩ በስልክም በኮምፒውተርም የሚያነብ ከሆነ በሁለቱም ላይ ሊኖር ይችላል። እርሱ ደግሞ ለቤቱ ባለቤት ካስተላለፈው ቅጂው እንደገና ይራባል። ነርሷ ከራሷ ሳጥን ብትሰርዘው የሚጠፋው የእርሷ ቅጂ ብቻ ነው። «የተላከውን መልስ» የሚለው አገልግሎትም በአብዛኛው የሚሠራው በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው፤ ደብዳቤው ወደ ሌላ ድርጅት ሳጥን ከገባ በኋላ የሚመልሰው ኃይል የለም።

ብዙዎች ኢሜይል በምስጠራ የተጠበቀ ነው ሲባል ይሰማሉ። ይህ እውነት የሚሆነው በመንገድ ላይ ነው። ዛሬ አብዛኞቹ የኢሜይል ሰርቨሮች እርስ በርስ ሲገናኙ መስመሩን ስለሚቆልፉት በመካከል የሚያዳምጥ ሰው ይዘቱን በቀላሉ አያነበውም። ደብዳቤው ጣቢያ ሲደርስ ግን መስመሩን የጠበቀው ቁልፍ ሥራው ያበቃል። ከዚያ በኋላ የደብዳቤ ሳጥኑን የይለፍ ቃል ያገኘ ሁሉ የዓመታት ደብዳቤዎችን እንደ ተከፈተ መዝገብ ያገላብጣል። ስለዚህ አደጋው ደብዳቤው በሚጓዝባቸው ጥቂት ሴኮንዶች ሳይሆን ሳጥን ውስጥ በሚተኛባቸው ዓመታት ነው።

ምን እንደማይላክ ለመለየት አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ ይህ ነገር ባልታሰበ ሰው እጅ ቢገባ መለወጥ ይቻላልን? የይለፍ ቃል ሊለወጥ ይችላል፤ የባንክ ካርድ ሊዘጋና በአዲስ ሊተካ ይችላል። ቢሆንም የይለፍ ቃል፣ የካርድ ሙሉ ቁጥር ከጀርባው ሦስት አኃዝ ጋር፣ ወይም ባንክ በስልክ የሚልከው የአንድ ጊዜ ኮድ በኢሜይል የሚላክበት በቂ ምክንያት የለም። ይበልጥ የሚከፋው ግን የማይለወጠው ነው። የትውልድ ቀን፣ የሕክምና ውጤት፣ የፊት ገጽታ ያለበት የመታወቂያ ቅጂ፣ በጥገኝነት ማመልከቻ ውስጥ የተጻፈ የቤተ ሰብ ታሪክ አንድ ጊዜ ከወጣ አይተካም። በማመልከቻው ውስጥ ስማቸው የተጠቀሰ ዘመዶች አገር ቤት የሚኖሩ ከሆነ፣ የምስጢሩ ባለቤት ላኪው ብቻ አይደለም፤ እነርሱም ናቸው።

እስካሁን የተነገረው ስለ ላኪው ነው። አባሪ ተቀባዩንም ሊጎዳ ይችላል፤ ለዚህም በውጭ አገር በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ላይ የደረሰ፣ በፍርድ ቤት መዝገብ የሰፈረ ምሳሌ አለ።

በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት የሚኖር፣ ለደኅንነቱ ሲባል በፍርድ ቤቱ ፈቃድ ኪዳኔ በሚል ስም የተጠራ አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ እ.ኤ.አ. በ2014 በዋሽንግተን ዲሲ በኢትዮጵያ መንግሥት ላይ ክስ መሠረተ። በክሱ መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ2012 መጨረሻ ላይ የሚያውቀው ሰው ያስተላለፈለትን ኢሜይል ተቀብሎ፣ አብሮ የተያያዘውን የወርድ ፋይል ከፈተ። ፋይሉ ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ሶፍትዌር በኮምፒውተሩ ላይ ተከለ። ሶፍትዌሩ ለወራት የስካይፕ ጥሪዎችንና ኢሜይሎችን እየቀዳ ኢትዮጵያ ውስጥ ወደሚገኝ ሰርቨር ይልክ እንደነበር ክሱ ያስረዳል። የፊንስፓይ ሠሪ ድርጅት መቀመጫ የነበረችውም ከፍራንክፈርት የጥቂት ሰዓት የባቡር መንገድ የምትርቀው ሙኒክ ናት። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የሲቲዝን ላብ ተመራማሪዎች ይኸው ሶፍትዌር ኢትዮጵያ ውስጥ መኖሩን የሚያሳይ ጥናት በመጋቢት 2013 እ.ኤ.አ. አወጡ። ከጥናቱ በኋላ ባሉት ቀናት ሶፍትዌሩ ከኪዳኔ ኮምፒውተር ተነቅሎ ለመጥፋት እንደሞከረ፣ ነገር ግን ዱካውን ትቶ እንደሄደ በክሱ ተጠቅሷል።

ፍርድ ቤቱ ግን ወደ ፍሬ ነገሩ አልገባም። የዲሲ ይግባኝ ሰሚ ችሎት መጋቢት 14 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. በሰጠው ውሳኔ፣ ድርጊቱ የታቀደውም የተላከውም ከአሜሪካ ውጭ በመሆኑ የውጭ መንግሥትን በዚህ ጉዳይ መክሰስ አይቻልም ሲል የሥር ፍርድ ቤቱን ብይን አጸና። አባሪው ከተከፈተ በኋላ ጉዳቱን በሕግ ማስመለስ ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ ከዚህ ይታያል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው አባሪው የመጣበት መንገድ ነው። ኪዳኔ ፋይሉን የተቀበለው ከማያውቀው ሰው አይደለም። አስተላላፊውም ሊያጠቃው እንዳሰበ የሚያመለክት ነገር የለም። ሰው ደብዳቤ ሲያስተላልፍ የራሱን ታማኝነት ይሰጠዋል፤ ፋይሉ ከየት እንደመጣ የሚያረጋግጥ ማስረጃ ግን አብሮ አይሰጥም። «ከማያውቁት ሰው የመጣ አባሪ አይክፈቱ» የሚለው የተለመደ ምክር እዚህ ላይ አይበቃም። ትክክለኛው ጥያቄ «ማን ላከልኝ?» ሳይሆን «ይህን ፋይል መጀመሪያ የሠራው ማን ነው? አስተላላፊውስ ያውቀዋል?» የሚለው ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ የኢትዮጵያ ሳተላይት ቴሌቪዥን፣ የኢሳት፣ ነው። ሲቲዝን ላብ በየካቲት 2014 እ.ኤ.አ. እንዳስታወቀው፣ በታኅሣሥ 2013 በአንድ ቀን ውስጥ በአውሮፓና በአሜሪካ በሚሠሩ የጣቢያው ባልደረቦች ላይ በተደጋጋሚ የተበከሉ ፋይሎች ተልከዋል። አንዱ ለጣቢያው የተጻፈ ጽሑፍ መስሎ የቀረበ ነበር። ከውጭ ሲታይ ፒዲኤፍ ይመስላል፤ በእርግጥ ግን ሲጫኑት ሥራ የሚጀምር ፕሮግራም ነበር። ሌላው የወርድ ሰነድ ሲሆን፣ ማይክሮሶፍት አስቀድሞ ማስተካከያ ባወጣለት ክፍተት የሚገባ ነበር። የመጀመሪያውን ዓይነት ለመለየት የፋይሉን ስም እስከ መጨረሻው ማንበብ ይጠቅማል፤ `.pdf` ብሎ የሚጀምር ነገር በ`.exe` የሚያልቅ ከሆነ ሰነድ አይደለም። ዊንዶውስ ይህን መጨረሻ በተለመደው አሠራሩ ስለሚደብቀው፣ በፋይል ማሳያው ላይ የፋይል ስም ቅጥያ እንዲታይ ማድረግ ይገባል። ሁለተኛውን ዓይነት ግን በዓይን መለየት አይቻልም። እርሱን የሚከላከለው ኮምፒውተሩንና ወርድን በወቅቱ ማደስ፣ ሰነዱንም በቀጥታ ከመክፈት ይልቅ በኢሜይል አገልግሎቱ የቅድመ እይታ ገጽ ማንበብ ነው። ቅድመ እይታው ሰነዱን በአገልግሎት ሰጪው ኮምፒውተር ላይ ስለሚከፍተው አንባቢው ምስሉን ብቻ ያያል።

ወደ ነርሷ እንመለስ። የመጀመሪያ ሥራዋ ከመላክ በፊት መጠየቅ ነው። የጀርመን የመረጃ ጥበቃ ባለሥልጣናት መመሪያ እንደሚለው፣ ቤት ለማየት ብቻ የመታወቂያ ቅጂ አያስፈልግም፤ ማሳየት ይበቃል። የደመወዝ ወረቀትም የሚጠየቀው ውል ለመፈራረም ሲቃረቡ ነው። ቤቱን ሳታይ ሁሉንም ሰነድ የሚጠይቃት ሰው የቤት አከራይ መስሎ መታወቂያ የሚሰበስብ አጭበርባሪ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ፣ ውል የምትፈርምበት ጊዜ ደርሶ ቅጂ መላክ ግድ ቢሆን፣ ከሥራው ጋር የማይገናኘውን ሸፍና፣ በምስሉ ላይ በሰያፍ «ቅጂ፤ ለዚህ ቤት ኪራይ ብቻ» ብላ ከነቀኑ በጀርመንኛ ትጽፋለች። ጽሑፉ ዳር ላይ ሳይሆን በፊቷና በቁጥሩ አካባቢ ማለፍ አለበት፤ አለዚያ ተቆርጦ ይወጣል። የጀርመን የመታወቂያ ሕግም ስለ ጀርመን መታወቂያ ሲደነግግ፣ ቅጂው ቅጂ መሆኑ በግልጽ እንዲታይ ያዛል፤ ለሦስተኛ ወገን የማስተላለፍ መብትም የባለቤቱ ብቻ እንደሆነ ይናገራል።

ሦስተኛ፣ ፋይሉን ትቆልፋለች። 7-Zip የተባለው ነጻ ፕሮግራም በኮምፒውተር ላይ ካለ፣ ይህ ትእዛዝ የይለፍ ቃል ጠይቆ ሰነዱን ይቆልፋል፦

```
7z a -p -mhe=on kiray.7z pass.pdf
```

በትእዛዙ ውስጥ `-mhe=on` የሚለው የፋይሉንም ስም ይደብቃል። ተራ የዚፕ ፋይል በይለፍ ቃል ቢቆለፍም በውስጡ ያሉትን ስሞች ያሳያል፤ «የሕክምና ውጤት» የሚል የፋይል ስም ደግሞ ራሱ ምስጢር ነው። በዚሁ ምክንያት በደብዳቤው ርእስ ላይም ምስጢር አይጻፍም። የይለፍ ቃሉ በዚያው ኢሜይል አይላክም፤ በሚቀጥለው ኢሜይልም አይላክም፤ ሁለቱም የሚያርፉት በአንድ ሳጥን ነውና። በስልክ ደውሎ መንገር ይሻላል፤ የሚደወለውም በኢሜይሉ ላይ በተጻፈው ቁጥር ሳይሆን ከሌላ ቦታ በተገኘ ቁጥር ነው።

የዚህ ዘዴ ወሰን ሁለት ነው። አንደኛ፣ ተቀባዩ ፋይሉን ከከፈተ በኋላ ቁልፉ አይጠብቀውም። ሁለተኛ፣ የኢሜይል አገልግሎቱ የቫይረስ ማጣሪያ በተቆለፈ ፋይል ውስጥ ማየት አይችልም፤ ሰርጎ ገቦችም ይህን ያውቃሉ። ስለዚህ ሳይጠበቅ የመጣ የተቆለፈ አባሪ፣ በተለይ የይለፍ ቃሉ በደብዳቤው ውስጥ ተጽፎ ከሆነ፣ ከማንኛውም አባሪ ይበልጥ ያጠራጥራል።

ማስተላለፍ የራሱ ጥንቃቄ አለው። «አስተላልፍ» የሚለው ቁልፍ የመጨረሻውን ደብዳቤ ብቻ ሳይሆን ከሥሩ የተንጠለጠለውን የቀድሞ ጽሕፈት ሁሉና አባሪዎችን ይዞ ይሄዳል። ጠበቃ ለደንበኛው የጻፈው ምክር ከሦስት ደብዳቤ በኋላ በተቃዋሚ ወገን እጅ የሚገባው እንዲህ ነው። መፍትሔው ማስተላለፍን ትቶ አዲስ ደብዳቤ መጻፍና አስፈላጊውን ዐረፍተ ነገር ብቻ መቅዳት ነው። አባሪዎቹ ከተያያዙና ጽሑፉ ካለቀ በኋላ የተቀባይ አድራሻ በመጨረሻ ይጻፋል፤ ኮምፒውተሩ በሁለት ፊደል የሚያሟላውን ስምም ሙሉውን አድራሻ አንብቦ ማረጋገጥ ያሻል።

ስሕተቱ ከተፈጸመስ? የካርድ ቁጥር ከወጣ በጀርመን 116 116 ደውሎ ካርዱን ማዘጋት ይቻላል። የይለፍ ቃል ከወጣ፣ ንጹሕ ከሆነ ሌላ ኮምፒውተር ላይ መለወጥ ይገባል። የሌላ ሰውን መረጃ ያወጣ ድርጅት ከሆነ ደግሞ በአውሮፓ የመረጃ ጥበቃ ሕግ መሠረት፣ በሰዎቹ ላይ አደጋ የሚያስከትል ከሆነ፣ ባወቀ በ72 ሰዓት ውስጥ ለተቆጣጣሪው ባለሥልጣን ማሳወቅ አለበት። አጠራጣሪ አባሪ የደረሰው ሰውም ፋይሉን «እስቲ አንተ እየው» ብሎ ለወዳጁ ማስተላለፍ የለበትም። ለወዳጁ የሚነግረው በስልክ ነው፤ ያ ፋይል እንደገና ከተላለፈ፣ በዚህ ጊዜ የእርሱን ስም ይዞ ነው የሚሄደው።