ሳጥኖችሽን በቁጥር አሰልፊያቸው

እስኪ ጠጋ በይልኝና ስላይድሽን ልየው። የታጠበ ቡና ከእሸቱ እስከ ደረቁ የሚያልፍበትን ሂደት ነው የምታሳዪው፤ መልቀም፣ መፈልፈል፣ ማብላላት፣ ማጠብ፣ ማድረቅ። ደረጃዎቹን አሳምረሽ ለይተሻል፣ ጎበዝ። ግን የኔ ቆንጆ፣ ሦስተኛው ሳጥን ወደ ላይ ሸሽቷል፤ አራተኛው ደግሞ አምስተኛውን ሊገፋው ደርሷል። ተመልካች ይህን ሲያይ ማብላላትን ለምን ከሌሎቹ ከፍ እንዳደረግሽው ያስባል እንጂ እጅሽ እንደሳተ አያውቅም። ስለዚህ ማውዙን ለጊዜው ተዪው። ፓወር ፖይንት ውስጥ ሳጥን የሚሰለፈው በቁጥር ነው።

መጀመሪያ አምስቱንም አጥፊያቸው። አትሳሺ፣ ጽሑፉን እንደገና መጻፍ ደቂቃም አይፈጅብሽም። አንድ ሳጥን ብቻ ሳይና መልኩን ጨርሺው፤ ቀለሙን፣ የፊደሉን መጠን፣ የጠርዙን ውፍረት። Shape Format ውስጥ ገብተሽ ወርዱን 4.6 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱን 2.5 አድርጊው። ኮምፒውተርሽ በኢንች የሚለካ ከሆነ አትጨነቂ፤ 4.6 cm ብለሽ ብትጽፊለት ራሱ ይቀይረዋል። ከዚያ Ctrl+D እየተጫንሽ አራት ቅጂ አውጪ። እያንዳንዱን ሳጥን አዲስ እየሳልሽ ለማመሳሰል አትሞክሪ፣ እህቴ። አንዱ በጥቂት ሚሊ ሜትር ከተለየ በኋላ የምታደርጊው ማሰለፍ ሁሉ አያምርልሽም።

አሁን ዳርና ዳሩን ትከይ፣ መሃሉን ለፕሮግራሙ ተዪለት። ሰፊው ስላይድ ወርዱ 33.87 ሴንቲ ሜትር ነው። በግራም በቀኝም 2 ሴንቲ ሜትር ባዶ እንተዋለን። በመጀመሪያው ሳጥን ላይ በቀኝ ጠቅ አድርገሽ Size and Position ክፈቺና Horizontal position የሚለው ቦታ ላይ 2 ጻፊ። ይህ ቁጥር የሚለካው እስከ ሳጥኑ ግራ ጠርዝ ነው፤ ስለዚህ ለመጨረሻው ሳጥን ከ33.87 ላይ 2ቱንም 4.6ቱንም ቀንሺና 27.27 ስጪው። የመሃሎቹ ሦስቱ የትም ቢሆኑ ግድ የለም፤ ቅደም ተከተላቸው ብቻ ይጠበቅ።

አምስቱንም ምረጪና Shape Format፣ ከዚያ Align ውስጥ ግቢ። ከምንም በፊት Align Selected Objects ላይ ምልክት መኖሩን እዪ። ምልክቱ Align to Slide ላይ ከሆነ ፕሮግራሙ የሚከተለው የስላይዱን ወርድ ነው፤ ያሰላሽውን የ2 ሴንቲ ሜትር ዳር ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ከዚያ Align Middle፣ ቀጥለሽ Distribute Horizontally በይ። በየሁለቱ ሳጥኖች መካከል 1.72 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይቀራል፤ ለቀስት በቂ ነው። አደራሽን፣ Align Center እንዳትይ፤ አምስቱም አንዱ ባንዱ ላይ ይከመሩብሻል። ከሆነም Ctrl+Z በይና እለፊው፣ ሆዴ።

ቀስት የሚመጣው አሁን ነው፤ ቀደም ብለሽ ካመጣሽው ከሳጥኖቹ ጋር ተመርጦ ክፍተቱን ሁሉ ያበላሸዋል። ከ Shapes ውስጥ ባለ ቀስት መስመሩን ውሰጂና ወደ ሳጥኑ አስጠጊው። በጠርዙ ላይ ትንንሽ ነጥቦች ብቅ ይላሉ። ከአንዱ ሳጥን የቀኝ ነጥብ ጀምረሽ የሚቀጥለው ሳጥን የግራ ነጥብ ላይ ልቀቂው። መያያዙን ለማወቅ ሳጥኑን ትንሽ አንቀሳቅሺው። ቀስቱ ከተከተለው ተያይዟል፤ ባለበት ከቀረ አጠገቡ ነው ያስቀመጥሽው። በሁለቱም መንገድ Ctrl+Z ብለሽ ሳጥኑን ወደ ቦታው መልሺ፤ ካልተያያዘ እንደገና አያይዢው። ሌላም ዘዴ ልንገርሽ፦ ቀስቱን መርጠሽ ቁመቱን እዪ። አግድም ቀስት ቁመቱ ዜሮ ነው። 0.05 እንኳ ካሳየሽ አንዱ ሳጥን ከመስመሩ ወጥቷል ማለት ነው፤ ዓይንሽ ያላየውን ቀስቱ ይነግርሻል።

ከሳጥኖቹ ስር የምታስገቢው ማብራሪያም የራሱ ጣጣ አለው። ሳጥኑ ውስጥ አንድ ቃል ብቻ ይግባ፤ ዝርዝሩን ከስሩ በጽሑፍ ሳጥን አስቀምጪው። የጽሑፍ ሳጥን ብዙ ጊዜ እንደያዘው ጽሑፍ ያጥራል፣ ይረዝማል። ስለዚህ አንድ መስመር ያለውንና ሦስት መስመር ያለውን Align Middle ብትያቸው የመጀመሪያ መስመሮቻቸው ከፍና ዝቅ ይላሉ። እነዚህን Align Top በያቸው። ወርዳቸውንም ሁሉንም 4.6 አድርጊ። Distribute Horizontally የሚያስተካክለው በጠርዞች መካከል ያለውን ክፍተት ነው እንጂ የመሃል ነጥቦችን ርቀት አይደለም። ወርዳቸው ከተለያየ ክፍተቱ እኩል ሆኖ ሳለ ማብራሪያዎቹ ከሳጥኖቻቸው ስር ተንሸራተው ይገኛሉ።

እዚህ ድረስ የሠራነው የሂደት ሥዕል ነው፤ ምን ከምን በኋላ እንደሚመጣ ብቻ ይናገራል። ከስሩ ቀን ልጻፍበት ካልሽ ግን ቆም በይ፣ የኔ እመቤት። እሸቱ የሚፈለፈለው በተለቀመበት ቀን ነው። በጽሑፍሽ እንዳስቀመጥሽው ማብላላቱ 2 ቀን፣ አልጋ ላይ ማድረቁ 12 ቀን ይፈጃል። እኩል በራቁ ሳጥኖች ላይ ቀን ከጻፍሽ ክፍተቱ ሁለቱ እኩል ጊዜ ይወስዳሉ ይላል፣ ቁጥሩ ደግሞ አይወስዱም ይላል። ተመልካች ከቁጥሩ በፊት የሚያየው ክፍተቱን ነው።

ስለዚህ ጊዜውን ለማሳየት ሌላ መስመር አስምሪ። ጠቅላላው 14 ቀን ነው፤ ለአንድ ቀን 2 ሴንቲ ሜትር ብንሰጥ መስመሩ 28 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ስላይዱ መሃል እንዲውል ከ2.93 ይጀምር። ምልክት የምታደርጊባቸው ክቦች ወርዳቸው 0.6 ይሁን። የክቡም ቦታ የሚለካው እስከ ግራ ጠርዙ ስለሆነ መሃሉ በቀኑ ላይ እንዲያርፍ 0.3 ትቀንሻለሽ። መልቀምና መፈልፈል 2.63 ላይ አንድ ክብ ይጋራሉ። ማብላላቱ አልቆ የሚታጠብበት ሁለተኛው ቀን ከመነሻው 4 ሴንቲ ሜትር ይርቃል፣ 6.63 ላይ ይቀመጣል። ማድረቁ የሚያልቅበት አሥራ አራተኛው ቀን 30.63 ላይ ነው። ሦስቱን ክቦች Align Middle ማለት ትችያለሽ፤ Distribute Horizontally ግን እዚህ አይነካም። ከነካሽው ማጠቡን ወደ ሰባተኛው ቀን ይወስድብሻል፤ ሥዕሉ ያምራል፣ ቀኑ ግን ውሸት ይሆናል።

ይህ መስመር ከሳጥኖቹ ይልቅ ባዶ ይመስላል፤ በተለይ የቀኝ በኩሉ። ባዶውን ለመሙላት እጅሽ እንዳይከጅል። ያ ረጅም ክፍተት ቡናው አልጋ ላይ የሚቆይበት ጊዜ ነው፣ ሰው እንዲያየው የምትፈልጊውም እሱኑ ነው።

እንግዲህ እህት ዓለም፣ ከማስረከብሽ በፊት ለራስሽ አንድ ጥያቄ አቅርቢ፦ ይህ ክፍተት ቅደም ተከተል ነው ወይስ ጊዜ? ቅደም ተከተል ከሆነ እኩል አድርጊው፣ ጊዜ ከሆነ ለክተሽ አስቀምጪው። ሁለቱን አንድ መስመር ላይ አትደባልቂ።