የእንፋሎት መቆጣጠሪያ ቫልቭ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ፦ የስፕሪንጉና የፖዚሽነሩ ድርሻ

1. መነሻ ጥያቄ

በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍል በቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ እንደሚገኙት ባሉ የልብስ ፋብሪካዎች እንፋሎት ልብስ ለመተኮስ፣ ማጠቢያ ባለበት ደግሞ ውኃ ለማሞቅ ያገለግላል። ውኃው በፓምፕ እየተገፋ በሙቀት መለዋወጫ ውስጥ ያልፋል፤ ወደ መለዋወጫው የሚገባውን የእንፋሎት መጠን የሚወስነው በታመቀ አየር የሚንቀሳቀስ መቆጣጠሪያ ቫልቭ ነው። ኤሌክትሪክ በድንገት ቢቋረጥ ፓምፑ ወዲያው ይቆማል። ቫልቩ ግን ክፍት ሆኖ ከቆየ፣ በ6 ባር ግፊት የሚመጣው ከ160 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ የሞቀ እንፋሎት በማይንቀሳቀስ ውኃ ላይ መሥራቱን ይቀጥላል። በቦሌ ከፍታ፣ ማለትም ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ፣ ለከባቢ አየር ክፍት የሆነ ውኃ 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ወደ አደጋው የሚወስደው ርቀት ከባሕር ዳርቻ ከተሞች ያጠረ ነው።

ይህ አጭር ጽሑፍ እንዲህ ያለው ቫልቭ በእርግጥ የሚዘጋው መቼ እንደሆነ፣ ፖዚሽነር የተባለው መሣሪያም በዚህ ረገድ ምን እንደሚጨምርና ምን እንደማይጨምር ይመረምራል። የሚከተሉት ቁጥሮች ለስሌት ማሳያ የተመረጡ እንጂ ከአንድ ፋብሪካ የተለኩ አይደሉም።

2. የመጠባበቂያው አቅጣጫ የሚወሰነው በስፕሪንጉ ነው

የአክቹዌተሩ አሠራር ቀላል ነው። አየር በዳያፍራም አንድ ወገን ገብቶ ዘንጉን ይገፋል፤ በተቃራኒው ወገን ያለው ስፕሪንግ ደግሞ ይመልሰዋል። አየሩ ሲጠፋ ዘንጉ ስፕሪንጉ ወደሚገፋበት ይሄዳል። ስፕሪንጉ መክደኛውን ወደ መቀመጫው የሚገፋ ከሆነ ቫልቩ አየር ሲያጣ የሚዘጋ ነው፤ ከመቀመጫው የሚያርቀው ከሆነ አየር ሲያጣ የሚከፈት ነው። ለማሞቂያ እንፋሎት የሚመረጠው የመጀመሪያው ሲሆን፣ መቋረጡ ጉዳት ለሚያመጣ የማቀዝቀዣ ውኃ ሁለተኛው ይመረጣል።

ይሁን እንጂ «የሚዘጋ» ተብሎ የተገዛ ቫልቭ ሁሉ ይዘጋል ማለት አይደለም። የዳያፍራሙ ስፋት 240 ካሬ ሴንቲ ሜትር፣ የስፕሪንጉ የሥራ ግፊት ከ0.2 እስከ 1.0 ባር፣ የዘንጉ ጉዞ 15 ሚሊ ሜትር ይሁን። አየር በሌለበት ጊዜ ስፕሪንጉ የሚሰጠው የመዝጊያ ኃይል 0.2 ባር በ240 ካሬ ሴንቲ ሜትር ተባዝቶ 480 ኒውተን ነው። እንፋሎቱ ከመክደኛው ሥር የሚገባ ከሆነና የመቀመጫው ዲያሜትር 24 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ የ6 ባር ግፊት ወደ ላይ የሚገፋው 271 ኒውተን ገደማ ነው። በዘንጉ ማሸጊያ ላይ 100 ኒውተን ሰበቃ ቢኖር፣ መክደኛውን በመቀመጫው ላይ አጥብቆ ለመያዝ የሚተርፈው 109 ኒውተን ብቻ ይሆናል። ማሸጊያው ከመጠን በላይ ከተጠበቀ ይህም ያልቃል፤ ቫልቩ «ተዘግቶ» ሳለ እንፋሎት ያሳልፋል።

3. ሰበቃ የሚፈጥረው ስሕተትና የፖዚሽነሩ መፍትሔ

ያው ሰበቃ በዕለት ተዕለት ሥራም ይታያል። ዘንጉን 1 ሚሊ ሜትር ለማንቀሳቀስ ስፕሪንጉ 128 ኒውተን ይጠይቃል። ስለዚህ 100 ኒውተን ሰበቃ ዘንጉን 0.8 ሚሊ ሜትር ያህል ወደኋላ ያስቀረዋል። መቆጣጠሪያው 0.6 ባር ሲልክ ዘንጉ በ7.5 ሚሊ ሜትር ላይ መቆም ሲገባው፣ እየተከፈተ ከመጣ በ6.7፣ እየተዘጋ ከመጣ ደግሞ በ8.3 ሚሊ ሜትር ላይ ይቆማል። ልዩነቱ ከጠቅላላው ጉዞ 10 በመቶ በላይ ነው። በሙቀት መዝገብ ላይ ምልክቱ ግልጽ ነው፦ የመቆጣጠሪያው ትእዛዝ ቀስ እያለ ሲጨምር ቫልቩ አይነቃነቅም፤ ከዚያ በአንድ ጊዜ ይዘላል፤ ሙቀቱም ያለማቋረጥ ከፍና ዝቅ ይላል።

ፖዚሽነር ይህን የሚያርመው የዘንጉን ትክክለኛ ቦታ በመለካት ነው። ከ4 እስከ 20 ሚሊ አምፔር ከሚደርሰው ትእዛዝ 12 ከመጣ የጉዞው ግማሽ ተፈልጓል ማለት ነው። ፖዚሽነሩ ዘንጉ 7.5 ሚሊ ሜትር ላይ እስኪደርስ ድረስ አየር ይጨምራል ወይም ያስወጣል፤ ለዚህ 0.56 ወይም 0.64 ባር ቢያስፈልግ ለእርሱ ልዩነት የለውም። በደህና ሁኔታ ያለ ፖዚሽነር ስሕተቱን ወደ 1 በመቶ አካባቢ ያወርደዋል።

ሁለተኛው ጥቅሙ ብዙ ጊዜ አይነገርም። ፖዚሽነሩ የራሱን የአቅርቦት አየር ስለሚጠቀም ከ0.4 እስከ 2.0 ባር የሚሠራ ጠንካራ ስፕሪንግ መትከል ያስችላል፤ የአቅርቦቱ ግፊት ግን ቢያንስ 2.5 ባር መሆን አለበት። ያን ጊዜ የመዝጊያው ኃይል 960 ኒውተን፣ ለመቀመጫው የሚተርፈውም 589 ኒውተን ይሆናል። ማለትም ፖዚሽነሩ ትክክለኛነትን ከመጨመሩ ባሻገር አጥብቆ ለመዝጋትም መንገድ ይከፍታል። ይሁንና ጥቃቅን ቀዳዳዎቹ በውኃና በዘይት ስለሚደፈኑ ከፊቱ የአየር ማጣሪያ ሊኖር ይገባል።

4. ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ምን ይቀድማል?

እዚህ ላይ የመነሻው ጥያቄ ይመለሳል። ስፕሪንጉ ቫልቩን የሚዘጋው አየሩ ሲወጣ ነው፤ የኤሌክትሪክ መቋረጥ ግን አየሩን ወዲያው አያስወጣም። የአየር ታንኩ 500 ሊትር፣ ግፊቱ 7 ባር ይሁን፤ ወደ 4 ባር እስኪወርድ ድረስ በአዲስ አበባው የከባቢ አየር ግፊት፣ ማለትም በ0.76 ባር፣ ሲለካ 2,000 ሊትር ያህል አየር ይሰጣል። የፋብሪካው ፍጆታና ፍሳሽ በዚያው መለኪያ በደቂቃ 100 ሊትር ከሆነ ይህ 20 ደቂቃ ያቆያል። መቆጣጠሪያው ከባትሪ ጋር የተያያዘ ከሆነ ደግሞ ትእዛዙም አይቋረጥም። እንዲያውም የሙቀት መለኪያው ከመለዋወጫው በኋላ ባለው ቧንቧ ላይ ከተተከለ፣ የቆመው ውኃ በዚያ በኩል ሲቀዘቅዝ መቆጣጠሪያው ቫልቩን ይበልጥ ይከፍተዋል። ፓምፑ ቆሟል፣ አየሩ አለ፣ ትእዛዙም አለ፤ አየር ሲያጣ የሚዘጋው ቫልቭ አየር ስላላጣ አይዘጋም።

መፍትሔው በፖዚሽነሩና በአክቹዌተሩ መካከል ባለሦስት መንገድ ሶሌኖይድ ቫልቭ መትከል ነው። ሶሌኖይዱ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ አየሩን ያሳልፋል፤ ሲያጣ ከፖዚሽነሩ የሚመጣውን ዘግቶ በዳያፍራሙ ያለውን አየር ወደ ውጭ ይለቅቃል። ኤሌክትሪኩን ማግኘት ያለበት ከባትሪው ሳይሆን ከፓምፑ ማስነሻ ነው። እንዲህ ሲሆን ፓምፑ በማናቸውም ምክንያት ሲቆም ስፕሪንጉ ቫልቩን በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ይዘጋዋል።

5. ማረጋገጫ

ዋናው የእንፋሎት መስመር ተዘግቶ፣ ቫልቩ በግማሽ ተከፍቶ ሦስት ሙከራዎች ለየብቻ ይደረጉ። በመጀመሪያ ትእዛዙ ሳይነካ የአቅርቦቱ አየር ይዘጋና ከማጣሪያው በታች ያለው ይለቀቅ። ቀጥሎ አየሩ እንዳለ የትእዛዙ ሽቦ ይፈታ፤ ፖዚሽነሩ በተገላቢጦሽ ተስተካክሎ ከሆነ በዚህ ጊዜ ቫልቩ ከመዘጋት ይልቅ ሙሉ በሙሉ ይከፈታል፤ የመጀመሪያው ሙከራ ይህን ጉድለት አያሳይም። በመጨረሻ አየርም ትእዛዝም እያለ ፓምፑ ይቁም። በሦስቱም ጊዜ የዘንጉ ጠቋሚ «ዝግ» ላይ ከደረሰ ቫልቩ የተፈለገውን ይሠራል። በመጀመሪያው ብቻ ከደረሰ ግን ፋብሪካው ያለው ጥበቃ ለአየር መጥፋት እንጂ በተደጋጋሚ ለሚገጥመው ለኤሌክትሪክ መቋረጥ አይደለም።