«Delivered» ይላል፣ ምጣዱ ግን የለም

ቆዪ፣ ያንን ቁልፍ አትጫኚው። «I don't recognize this charge» የሚለው ካርዱ ለተሰረቀበት ሰው ነው። ምጣዱን ያዘዝሽው አንቺ ነሽ፣ የከፈልሽውም አንቺ ነሽ። ያንን ከመረጥሽ ባንኩ ካርድሽን ዘግቶ ሌላ ይልክልሻል፤ ከዚያ ሻጩን ሲጠይቀው ስምሽ፣ ስልክሽ፣ ኢሜይልሽና የቤትሽ አድራሻ ይቀርብለታል። «ደንበኛዋ ራሷ ናት የገዛችው» ብሎ ፋይሉን ይዘጋዋል። ባንክ ቤት የካርድ ክርክር ክፍል ስሠራ እንዲህ ሆነው የተዘጉ ብዙ አቤቱታዎች አይቻለሁ። ሰዎቹ ገንዘባቸውን በእርግጥ ተበልተዋል፤ የመረጡት ግን ያልሆነ ምክንያት ነበር። ወደ ታች ውረጂ። ዕቃው አልደረሰኝም የሚለውን፣ «I didn't receive the item» ወይም እሱን የሚመስለውን ምረጪ።

ከመላክሽ በፊት ግን ቀኖቹን እንይ። ፌብሩዋሪ 10 አዘዝሽ፣ 189 ዶላር ከፈልሽ፣ ድረ ገጹ እስከ ፌብሩዋሪ 24 ይደርሳል አለ። ክፍያው የወጣበት የመጀመሪያው ስቴትመንት የተላከልሽ ማርች 3 ነው። ዛሬ ማርች 20 ነው። በአሜሪካ የክሬዲት ካርድ ሕግ አቤቱታሽ በጽሑፍ ሆኖ፣ ያ ስቴትመንት ከተላከ በ60 ቀን ውስጥ ካርዱን የሰጠሽ ባንክ ዘንድ መድረስ አለበት። የአንቺ የመጨረሻ ቀን ሜይ 2 ነው ማለት ነው። ቪዛና ማስተርካርድ በራሳቸው ደንብ ብዙውን ጊዜ ከዚህ የረዘመ ጊዜ ይሰጣሉ፤ ሕጉ ለአንቺ የሚቆምልሽ ግን በ60ው ቀን ውስጥ ስለሆነ በእሱ ቁጠሪ።

ሻጩም ይህን ያውቃል። ለዚህ ነው «ጉምሩክ ይዞብን ነው፣ ሁለት ሳምንት ታገሽን» የሚልሽ፤ ከዚያ ደግሞ ሌላ ሁለት ሳምንት። ከእሱ ጋር የምትጻጻፊው አንድ ጊዜ ይበቃል፦ «ያዘዝኩት ምጣድ በተባለው ቀን አልደረሰኝም፤ ትዕዛዙን ሰርዛችሁ 189 ዶላሬን መልሱልኝ» በይና የአምስት ቀን ጊዜ ስጪው። ባንኩ መጀመሪያ ሻጩን ጠይቀሽ እንደሆነ ማየት ስለሚፈልግ ይህ መልእክት ያስፈልግሻል። ስልክ አትደውይ፤ የስልክ ንግግር ወረቀት ላይ አይቀርም። «20 ከመቶ እንመልስልሽና ጉዳዩ ይዘጋ» ካለሽም እሺ አትበዪ፤ አንዴ ከተስማማሽ ስምምነትሽን ራሱን ማስረጃ አድርጎ ያቀርበዋል።

አሁን ዋናው ችግር ሻጩ የሰጠሽ ይህ ትራኪንግ ቁጥር ነው። «Delivered» ይላል፣ ከተማው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ዚፕ ኮዱም የአንቺው። ይህን ስታዪ ተስፋ ቆርጠሽ ነበር አይደል? ይህ የታወቀ ዘዴ ነው። አጭበርባሪ ሻጭ ባዶ ፖስታ ወይም ርካሽ ነገር በአንቺው ዚፕ ኮድ ውስጥ ወዳለ ሌላ ቤት ይልካል። በኢንተርኔት የሚታየው ትራኪንግ ከተማውንና ዚፕ ኮዱን እንጂ የቤት ቁጥሩን ስለማያሳይ፣ ላይ ላዩን ለሚያይ ሰው ዕቃው ደርሶሻል። ሻጩ ያንን ገጽ ለባንኩ ልኮ ይረታል፤ አንቺ ዝም ካልሽ።

ስለዚህ ነገ ጠዋት መታወቂያሽንና ቁጥሩን ይዘሽ አካባቢሽ ወዳለው ፖስታ ቤት ሂጂ። ሠራተኞቹ ጥቅሉ በየትኛው አድራሻ እንደተሰጠ በራሳቸው ኮምፒውተር ማየት ይችላሉ፤ ብዙ ጊዜ ክብደቱም ይታያቸዋል። የሌላውን ሰው አድራሻ ላይነግሩሽ ይችላሉ፤ አንቺም አያስፈልግሽም። የምትጠይቂው ሁለት ነገር ነው፦ ይህ ጥቅል ለእኔ አድራሻ ነው የተላከው? ክብደቱስ ስንት ነው? ያዘዝሽው የኤሌክትሪክ ምጣድ ከነክዳኑ ከአሥር ፓውንድ በላይ ይመዝናል። አምስት አውንስ ነው ካሉሽ፣ ምጣድ አምስት አውንስ እንደማይሆን ለማንም ማስረዳት አያሻም። መልሱን አጭር ወረቀት ላይ ጽፈው ማኅተም እንዲያደርጉልሽ ለምኚያቸው። እንቢ ካሉ የሄድሽበትን ቀን፣ ቅርንጫፉንና የነገሩሽን እዚያው ጻፊው።

ከዚያ ወደ ደብዳቤው። በስልክ አፕሊኬሽኑ ላይ ማመልከቱ ጥሩ ነው፣ ፈጣንም ነው፤ እኔ ግን ደብዳቤም እንድትልኪ እፈልጋለሁ። ስቴትመንትሽ ጀርባ ላይ «Billing Inquiries» የሚል አድራሻ አለ። ክፍያ ከሚላክበት አድራሻ የተለየ ነው፤ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል። ተቀባዩ የሚፈርምበት የአደራ ደብዳቤ አድርገሽ ላኪው። ረጅም አይሁን፤ የሚያነበው ሰው በቀን ብዙ ፋይል ያያል። ስምሽን፣ የሂሳብ ቁጥርሽን፣ የክፍያውን ቀንና መጠን ጻፊና እንዲህ በይ፦ «በፌብሩዋሪ 10 ያዘዝኩት የኤሌክትሪክ ምጣድ እስከ ፌብሩዋሪ 24 ሊደርሰኝ ሲገባ አልደረሰኝም። ሻጩ ባቀረበው የትራኪንግ ቁጥር የተላከው ጥቅል ወደ እኔ አድራሻ አልተላከም፤ ጥቅሉም አምስት አውንስ ብቻ መሆኑን ፖስታ ቤቱ ነግሮኛል። ለሻጩ ገንዘቤን እንዲመልስ ጽፌ አልመለሰም።» ክብደቱን ፖስታ ቤቱ የነገረሽን እንጂ እኔ በምሳሌ ያልኩትን እንዳትጽፊ። የትዕዛዙን ደረሰኝ፣ ከሻጩ ጋር የተጻጻፍሽውንና የፖስታ ቤቱን ወረቀት ቅጂ አያይዢ፤ ዋናዎቹ አንቺ ጋ ይቅሩ። የተናደድሽበትን አትጻፊው፣ ቦታ ይይዛል እንጂ አይጠቅምሽም።

ባንኩ ደብዳቤሽ በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ ተቀብያለሁ ብሎ ሊጽፍልሽ፣ በሁለት የሂሳብ ዙር ውስጥ፣ ቢበዛ በ90 ቀን፣ ሊወስን ይገደዳል። እስከዚያ 189 ዶላሩን የመክፈል ግዴታ የለብሽም፣ አልከፈለችም ብሎም ክሬዲትሽን ሊያበላሽ አይችልም። የቀረውን ዕዳ ግን በጊዜው ክፈዪ። ለጊዜው ገንዘቡን ሂሳብሽ ላይ ቢመልስልሽም አትቁጠሪው፤ ሻጩ ካሸነፈ መልሶ ይወስደዋል። በመሃል ሻጩ «ክርክሩን አንሺውና እንመልስልሻለን» ይልሽ ይሆናል። አታንሺ። ያነሳሽውን ክርክር ዳግም መክፈት በጣም ከባድ ነው፤ መመለስ ከፈለገ ክርክሩ እያለም ወደ ካርድሽ ሊመልስ ይችላል።

ውሳኔው «ዕቃው ደርሷል» የሚል ከሆነ እዚያ አታቁሚ። ሕጉ ባንኩ ተገቢ ምርመራ አድርጎ ዕቃው በስምምነቱ መሠረት መላኩን ወይም መድረሱን ሳያረጋግጥ «ተሳስተሻል» እንዲል አይፈቅድም፤ የወሰነበትንም ሰነድ ቅጂ ከጠየቅሽው መስጠት አለበት። ወዲያው በጽሑፍ ጠይቂ። ሲመጣ የሚታይሽ ብዙውን ጊዜ ያው የትራኪንግ ገጽ ነው፤ የቤት ቁጥር የለው፣ ፊርማ የለው። እሱን ከፖስታ ቤቱ ወረቀት ጋር አያይዘሽ እንደገና እንዲታይልሽ አመልክቺ።

ይህ ሁሉ ግን በክሬዲት ካርድ ስለከፈልሽ ነው። ባለፈው ወር በዴቢት ካርድ ያዘዝሽውም ጫማ አልመጣም ብለሽኝ አልነበር? ለእሱ ይህ የ60 ቀን ሕግ አይሠራም፤ ገንዘቡም ካካውንትሽ ወጥቷል። ያለሽ የቪዛ ወይም የማስተርካርድ ደንብና የባንክሽ ፈቃደኝነት ነው፤ ስለዚህ ስለ ጫማው ዛሬውኑ ወደ ባንክሽ ደውዪ፣ የምጣዱን ደብዳቤ አብረን እንጽፋለን።