«ተው» ሳንል ማነጋገር

መጠጥ የጎዳው ሰው ሲገጥመን ብዙዎቻችን «ተው፣ ልጆችህን አስብ» እንላለን። ሰውየው ግን ለመጠጡ ጠበቃ ይቆማል፤ እኛ በመከርነው ቁጥር እሱ የማይተውበትን ምክንያት ይደረድራል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ዊልያም ሚለር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1983 ያስተዋወቀው የአነጋገር ዘዴ ነገሩን ይገለብጠዋል። የመለወጡን ምክንያት ታካሚው በራሱ አፍ እንዲናገር ያደርጋል። ዋናው መሣሪያ ነጸብራቅ ነው፤ ይኸውም የሰማነውን ሐሳብ መልሰን ለተናጋሪው መንገር ነው።

የሚከተለው ለትምህርት የተዘጋጀ ምሳሌ ነው።

ታካሚ፦ «ባለቤቴ ናት የላከችኝ። እኔ የምጠጣው እንደ ሰው ነው።»

ጤና ሠራተኛ፦ «ጋሼ፣ መምጣቱ የእርስዎ ሐሳብ አልነበረም።»

ማስታወሻ፦ ይህ ቀላል ነጸብራቅ ነው። ስላልተከራከረችው የሚከላከለው ነገር አጣ።

ታካሚ፦ «አዎን። አረቄ ካልቀመስኩ እንቅልፍ የለኝም። ግን ባለፈው ወር የራሽኑን ዱቄት ሸጬ ጠጣሁበት። ልጄ አየችኝ።»

ጤና ሠራተኛ፦ «በአንድ በኩል አረቄው ሌሊቱን ያሳልፍልዎታል፤ በሌላ በኩል ልጅዎ ማየቷ ከልብዎ አልወጣም።»

ማስታወሻ፦ ይህ ባለሁለት ወገን ነጸብራቅ ነው። ሰው ብዙውን ጊዜ ከመጨረሻው ቃል ስለሚቀጥል፣ ወደ ለውጥ የሚያዘነብለውን ወገን መጨረሻ ላይ አደረገችው።

ታካሚ፦ «አልወጣም። እንደዚያ ያለ አባት መሆን አልፈልግም።»

ማስታወሻ፦ የለውጥ ንግግር ይህ ነው። «እፈልጋለሁ፣ እችላለሁ፣ አለብኝ» የሚሉ ቃላት ሲመጡ ጆሯችን ይንቃ።

ጤና ሠራተኛ፦ «መቀነሱ ለእርስዎ ምን ያህል ያስፈልጋል? ከ0 እስከ 10 ስንት ይሰጡታል?»

ታካሚ፦ «5።»

ጤና ሠራተኛ፦ «ለምን 2 አላሉም?»

ታካሚ፦ «ጠዋት እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ሻይ እንኳ ስይዝ ይፈስብኛል። ከዛሬ ጀምሮ ባቆመው ይሻላል።»

ማስታወሻ፦ «ለምን 10 አላሉም?» ብትለው ኖሮ ያለመለወጡን ምክንያት ይቆጥርላት ነበር። ነገር ግን የጠዋቱ መንቀጥቀጥ የአደጋ ምልክት ነው።

ጤና ሠራተኛ፦ «ከፈቀዱልኝ አንድ ነገር ልንገርዎ። እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው በድንገት ሲያቆም ሊያንዘፈዝፈው፣ አእምሮውም ሊቃወስ ይችላል። ለሕይወትም ያሰጋል። ሐኪም ሳያይዎ በአንድ ጊዜ አያቁሙ። ምን ይመስልዎታል?»

ታካሚ፦ «እንግዲያው ነገ ጠዋት ክሊኒክ እሄዳለሁ።»

ማስታወሻ፦ ፈቃድ ጠይቃ ተናገረች፤ ውሳኔውን ግን ለእሱ ተወች። «እሄዳለሁ» ማለቱ ከ«አልፈልግም» የጠነከረ፣ ቃል የመግባት ንግግር ነው።

ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት ድምፃቸውን በማንሣት ነው። ያኔ ነጸብራቁ ጥያቄ ይሆንና ሰውየውን መርማሪ ፊት የቀረበ ያስመስለዋል። የዓረፍተ ነገሩን መጨረሻ ዝቅ አድርጉት። ሰውየው መከራከር ከጀመረም የገፋነው እኛ ነንና ወደ ነጸብራቅ እንመለስ።

መልመጃ፦ አንድ ሰው «ጓደኞቼ ሁሉ ይጠጣሉ፤ ብቻዬን ምን ልሁን? ግን ሰልችቶኛል» ቢላችሁ፣ ባለሁለት ወገን ነጸብራቅ ጻፉ። መሰልቸቱ መጨረሻ ላይ ይምጣ።